ሎጋሪዝምና የፊደል ተራ፦ ጥቂት እርምጃ የሚበቃው መቼ ነው?

ጫግኒ ከእንጅባራ ወደ ግልገል በለስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የአዊ ዞን ከተማ ናት። ወደ ጤና ተቋሞቿ የሚመጣው ታካሚ የከተማዋና የጓንጓ ገጠር ነዋሪ ብቻ አይደለም፤ ከመተከል በኩልም ይመጣል። ስለዚህ በካርድ ክፍል መስኮት የሚነገረው ስም የአገው፣ የአማራ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ ወይም የኦሮሞ ሊሆን ይችላል፤ የሚጻፈው ግን በአንድ ፊደል ነው። ይህ ዳሰሳ የሚነሣው ከዚያ መስኮት ነው። የአልጎሪዝም ሰዎች «ሎግ ኤን» የሚሉት ፍጥነት ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያስከፍልና በምን እንደሚሰበር እዚያ በደንብ ይታያል።

በአገራችን የጤና ተቋማት የወረቀት አሠራር የታካሚው ማኅደር መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው በካርድ ቁጥር ተራ ነው። ከዚያ ሌላ በስም ተራ የሚደረደሩ ትንንሽ ካርዶች ያሉበት ሣጥን አለ። ታካሚው ቁጥሩ የተጻፈባትን ወረቀት ይዞ ከመጣ ማኅደሩ ቶሎ ይወጣል። ወረቀቷ ጠፍታበት ከሆነ ግን በስሙ ተፈልጎ መጀመሪያ ቁጥሩ መገኘት አለበት። ዛሬ በብዙ ቦታ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ገብቷል፤ በስም መፈለጉ ግን አልቀረም።

ሣጥኑ ውስጥ 40,000 ካርድ አለ እንበል። ካርዶቹ ያለ ተራ የተከመሩ ቢሆኑ ከፊት ጀምሮ አንድ በአንድ ከማየት ሌላ መንገድ የለም። ዕድለኛ ከሆንን ካርዱን ከፊት እናገኘዋለን፣ ካልሆንን ከመጨረሻው፤ በአማካይ 20,000 ካርድ ማየት ይጠይቃል። ለአንድ ካርድ አንድ ሰከንድ ብቻ ብንሰጥ እንኳ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ስሙ ጨርሶ ሣጥኑ ውስጥ ከሌለ ደግሞ «የለም» ለማለት 40,000ውንም ማየት ግድ ነው።

ካርዶቹ በስም ተራ ከተደረደሩ ግን መሃል ላይ ያለውን አንድ ካርድ አውጥተን እናያለን። የምንፈልገው ስም በፊደል ተራ ከዚያ የሚቀድም ከሆነ የኋላው ግማሽ በሙሉ ከፍለጋው ወጣ፤ የሚከተል ከሆነ የፊተኛው ወጣ። ከቀረው ግማሽ ላይ እንደገና መሃሉን እናያለን። ከ40,000 ወደ 20,000፣ ከዚያ ወደ 10,000፣ 5,000፣ 2,500፣ 1,250፣ 625፣ 312፣ 156፣ 78፣ 39፣ 19፣ 9፣ 4፣ 2፣ በመጨረሻም 1። ቁጥሮቹን ብትቆጥሩ 16 ናቸው፤ በየደረጃው አንድ ካርድ ስለምናይ ከ16 ካርድ በላይ አናይም። «የለም» ለማለትም የሚበቃው ያው 16 ነው። ፕሮግራመሮች ይህን ባይነሪ ሰርች ይሉታል።

16 የመጣው ከሎጋሪዝም ነው። አንድን ቁጥር አንድ እስኪቀር ድረስ ስንት ጊዜ ለሁለት መክፈል ይቻላል? የዚህ ጥያቄ መልስ የቁጥሩ ሎጋሪዝም በመሠረት 2 ነው። ሎጋሪዝምን 10ኛ ክፍል የተማረ ሰው ከሠንጠረዥ ላይ log 2 = 0.3010 መሆኑን ያስታውስ ይሆናል። የ40,000 ሎጋሪዝም በመሠረት 10 4.6021 ነው፤ ይህን ለ0.3010 ስናካፍል 15.29 እናገኛለን። ክፍልፋዩን ጥለን አንድ ስንጨምር 16 ይሆናል። የሚጨመረው አንድ የመጨረሻዋን፣ ብቻዋን የቀረችውን ካርድ ለማየት ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒየር እ.ኤ.አ. በ1614 ሎጋሪዝምን ሲያሳትም ዓላማው የሥነ ፈለክ ሰዎችን ከረጅም ማባዛት ማሳረፍ ነበር። የዛሬው ፕሮግራመር ግን ሠንጠረዡን ትቶ ከዚያ የሚወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በእጥፍ ሲያድግ ሎጋሪዝሙ በአንድ ብቻ ያድጋል።

ይህ ዕድገት ምን ያህል ዝግ እንደሆነ በሕዝብ ቆጠራ ማየት ይቻላል። የ1976ቱ ቆጠራ ኤርትራን ጨምሮ 42 ሚሊዮን ገደማ ሰው አስመዘገበ፤ የ1987ቱ 53 ሚሊዮን ገደማ፣ የ1999ኙ ደግሞ 73 ሚሊዮን ከግማሽ በላይ። እነዚህን ሁሉ ሰዎች በስም ተራ ደርድረን አንዱን ብንፈልግ ለ1976ቱ መዝገብ 26 እርምጃ ያስፈልገን ነበር፤ ለ1987ቱም ያው 26፤ ለ1999ኙ 27። ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ተጨምሮ ፈላጊው ላይ የተጨመረው ሥራ አንድ ስም ማየት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈታኞች 900 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ለእነሱ ደግሞ 20 ይበቃል።

እዚህ ላይ ስለ «የኢትዮጵያ ማባዣ» አንድ ቃል ልበል። በውጭ አገር የፕሮግራም መማሪያዎች በዚህ ስም የሚቀርብ ዘዴ አለ፤ በጽሑፍ የተገኘው ጥንታዊ ማስረጃው ግን የግብፅ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1650 ገደማ የተጻፈው የአህሞስ ፓፒረስ። 38 ጊዜ 45ን ለማግኘት በግራ በኩል 38ን ለሁለት እየከፈሉ ክፍልፋዩን መጣል ነው፦ 38፣ 19፣ 9፣ 4፣ 2፣ 1። በቀኝ በኩል 45ን ማጠፍ ነው፦ 45፣ 90፣ 180፣ 360፣ 720፣ 1440። ከዚያ ግራው ጎዶሎ የሆነበትን ቀኝ ብቻ መደመር፦ 90 እና 180 እና 1440፣ ድምሩ 1710። የወሰደው ስድስት መስመር ነው፤ የ38 ሎጋሪዝም በመሠረት 2 ከ5 ትንሽ ይበልጣልና። ፍለጋውም ማባዣውም ለሁለት በመክፈል ስለሚሄዱ የእርምጃቸው ቁጥር በአንድ ሕግ ይወሰናል።

ከ16 ያነሰ ብልሃት ይኖር ይሆን? እያነጻጸሩ ለሚፈልጉ የለም፤ ማስረጃውም አጭር ነው። ስሙ የተቀመጠበትን ቦታ የሚያውቅ የሚመስል አንድ ባላጋራ አለ እንበል። የምታዩትን ካርድ ትነግሩታላችሁ፤ እሱ «ይቀድማል» ወይም «ይከተላል» ብሎ ይመልሳል። ይህ ባላጋራ ግን ቦታውን አስቀድሞ አይወስንም፤ ሁልጊዜ ትልቁን ክፍል የሚያስቀር መልስ ይሰጣል። የትኛውንም ካርድ ብትመርጡ ከቀሩት ቢያንስ ግማሽ ያህሉን ያቆይባችኋል፤ መሃሉን ከመምረጥ የተሻለ መከላከያ የላችሁም። በሌላ በኩል ስናየው በአንድ እይታ የሚለየው አንድ ካርድ ነው፣ በሁለት ሦስት፣ በሦስት ሰባት፣ በ15 እይታ ቢበዛ 32,767። 40,000 ካርድ እዚያ ውስጥ አይገባም። በ16 ግን እስከ 65,535 ድረስ ይገባል።

እስከዚህ ያለው በየትኛውም አገር መማሪያ መጽሐፍ ይገኛል። እኛ ዘንድ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው።

ባይነሪ ሰርች ግማሹን ሳያይ የሚጥለው ዝርዝሩ በተራ መሆኑን አምኖ ነው። መሃል ያለው ካርድ «ሰለሞን» ሆኖ የምንፈልገው «ለማ» ከሆነ ከሰለሞን በኋላ ያሉትን 20,000 ካርዶች አናያቸውም። ከመካከላቸው አንድ እንኳ ያለቦታው የገባ ለማ ቢኖር ለዘላለም አይገኝም። አንድ በአንድ የሚያይ ሰው ግን ያገኘዋል። ፍጥነቱ የተገዛው በእምነት ነው፤ እምነቱ ደግሞ አንድ ተራ አለ፣ ደርዳሪውም ፈላጊውም ያንኑ ተራ ይከተላሉ የሚል ነው።

የፊደላችን ተራ ግን አንድ አይደለም። ሀለሐመ አለ፣ አበገደ አለ። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት የተደረደረው በአበገደ ነው። ሀለሐመ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ያን መጽሐፍ መሃሉ ላይ ከፍቶ ቢፈልግ ገና በመጀመሪያው እርምጃ ወደ ተሳሳተው ግማሽ ሊሄድ ይችላል። ይህ የመጽሐፉ ጉድለት አይደለም። አበገደን ለሚያውቅ እርምጃው ያው ሎጋሪዝሙ ነው፤ የትኛውም ተራ ይሠራል፣ ሁለቱን መቀላቀል ነው የማይሠራው።

ከዚህ የባሰው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ በኮምፒውተር ውስጥ ግን እያንዳንዱ የየራሱ ቁጥር አለው። ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ሀ 1200 ላይ ነው፣ ሐ 1210 ላይ፣ ኀ ደግሞ ርቆ 1280 ላይ፤ ቁጥሮቹ በ16 መሠረት የተጻፉ ናቸው። በሐ እና በኀ መካከል መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ፣ በ፣ ተ፣ ቸ አሉ። ስለዚህ «ሀይሉ» ተብሎ የተመዘገበው ሰውና «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው በጆሮ አንድ ሆነው ሳሉ በፋይሉ ውስጥ ጎረቤት አይደሉም፤ በመካከላቸው ሺዎች ሊቀመጡ ይችላሉ።

ስህተቱ እንዴት እንደሚፈጠር በሰባት ስም እንሞክረው። አንድ ሠራተኛ ስሞቹን በጆሮው ደረደራቸው፦ ኃይሉ፣ ለማ፣ መኮንን፣ ሰለሞን፣ ቀለሙ፣ በላይ፣ ነጋ። ኃን እንደ ሀ ቆጥሮ ከፊት አስቀመጠው፤ ለሰው ፍጹም ትክክል ነው። አሁን ኮምፒውተሩ በዩኒኮድ ቁጥር እያነጻጸረ «ኃይሉ»ን ይፈልግ። መሃሉን ያያል፤ ሰለሞን ነው። ሰ 1230 ነው፣ ኃ 1283፤ ኃ ይበልጣል፣ ስለዚህ ወደ ቀኝ። ከቀሩት ሦስት መሃሉ በላይ ነው፤ በ 1260፣ አሁንም ኃ ይበልጣል፣ ወደ ቀኝ። ቀጥሎ ነጋ ነው፤ ነ 1290፣ ኃ ያንሳል፣ ወደ ግራ። በግራ ምንም አልቀረም። መልሱ «አልተገኘም» ሆነ። ስሙ ፊደል በፊደል በትክክል ተጽፎ የዝርዝሩ አናት ላይ ተቀምጧል። ፕሮግራሙም አልወደቀም፣ አልዘገየም፣ ማስጠንቀቂያም አላሳየም፤ በሦስት እርምጃ በልበ ሙሉነት የለም አለ።

በካርድ ክፍል ይህ ሲሆን ሠራተኛዋ የምታደርገው አንድ ነገር ነው፤ አዲስ ካርድ ታወጣለች። አንዱ ታካሚ ሁለት ቁጥር ያገኛል፣ የድሮ ምርመራውና መድኃኒቱ በአንደኛው ማኅደር ይቀራል። የተበላሸ ተራ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው። ተመሳሳይ የአባትና የአያት ስም፣ ተመሳሳይ ቀበሌ፣ ሁለት ቁጥር።

አንዳንዱ ፕሮግራመር ችግሩን ሁሉንም አጻጻፍ በመሞከር ሊያልፈው ያስባል። «ዓለምፀሐይ»ን እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል፤ አራት። ፀ ወይም ጸ፤ ሁለት። ሐ ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ፤ ስድስት። አራት በሁለት በስድስት 48 አጻጻፍ። እያንዳንዱን በ40,000 ስም ውስጥ መፈለግ 16 እርምጃ ቢወስድ በድምሩ 768 ይሆናል። ለኮምፒውተር ይህ ምንም አይደለም፤ ግን ሎጋሪዝሙ የሰጠንን ለሆሄ መልሰን መክፈል ነው፣ የፊደል ድብልቁ በበዛ ቁጥርም ክፍያው በብዜት ያድጋል።

የሚሻለው ከመደርደር በፊት እያንዳንዱን ስም ወደ አንድ መልክ ማምጣትና በዚያ መልክ ደርድሮ በዚያው መልክ መፈለግ ነው። ታካሚው የሚያየው፣ ካርዱ ላይ የሚታተመው የራሱ አጻጻፍ ሆኖ ይቆያል፤ ለመደርደሪያ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ መልክ በጎን ይቀመጣል። በፓይተን ሁለት መስመር ይበቃዋል፦

```python
t = str.maketrans("ሃሐሓኀኃሠዐዓኣፀ", "ሀሀሀሀሀሰአአአጸ")
key = name.translate(t)
```

ይህ ናሙና ነው። ለሥራ ሲሆን የእያንዳንዱ ሞክሼ ሰባቱም ሆሄያት መግባት አለባቸው፤ «ሥላሴ» ከ«ስላሴ» ጋር እንዲገናኝ ሥ ወደ ስ መለወጥ ይኖርበታል። «ጌታቸው»ና «ጌታቸዉ»ን ለማገናኘት ዉ ወደ ው፤ «ወልደ ማርያም»ና «ወልደማርያም»ን ለማገናኘት ደግሞ ክፍት ቦታው መውጣት ይኖርበታል። የፊደል ሊቃውንት ሠረቀና ሰረቀ ሊቀላቀሉ ነው ብለው ቢቆጡ አይፈረድባቸውም፤ ግን እዚህ ያለው ተግባር ስምን ማግኘት ነው፣ የተጻፈው ሆሄም አልተነካም። ሁለት የተለያዩ ስሞች አንድ መልክ ቢይዙ ፈላጊው ሁለቱንም ያያል፤ ከመጥፋት መደራረብ ይሻላል።

የማይፈታውንም ልናገር። የከተማዋን ስም ራሱን «ጫግኒ» የሚጽፍ አለ፣ «ቻግኒ» የሚጽፍም አለ። ጫ እና ቻ ሞክሼ አይደሉም፤ የተለያዩ ድምፆች ናቸው፣ በዩኒኮድም ተራርቀው ነው ያሉት። አንድን የጉሙዝ ወይም የአገው ስም ሁለት ጸሐፊዎች ሲሰሙት በሁለት ድምፅ ሊጽፉት ይችላሉ። ይህን የፊደል ሠንጠረዥ አያድነውም። «የሚመስል ስም» መፈለግ ሌላ ዓይነት ሥራ ነው፤ «ይቀድማል ወይስ ይከተላል» በሚለው ጥያቄ አይመለስምና የባይነሪ ሰርች ሎጋሪዝም እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ብልህ የካርድ ክፍል በስም ሲያጣ በስልክ ቁጥር ይፈልጋል። እሱም ካልተገኘ በቀበሌና በዕድሜ ዝርዝሩን አጥብቦ የቀሩትን አንድ በአንድ ያያል። ዝርዝሩ ወደ ጥቂት መቶዎች ከወረደ አንድ በአንድ ማየት ነውር የለውም።

ተራ የማይመሳሰልበት ችግር የአማርኛ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2018 ጂሊብሲ የተባለው የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ 2.28ኛ ዕትሙን ሲያወጣ የፊደላትን የመደርደሪያ ሕግ አሻሻለ። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ደግሞ ጽሑፍ ሲደረድር በዚያ ላይብረሪ ሊመካ ይችላል። ኢንዴክሶቹ በድሮው ሕግ የተደረደሩ፣ ፍለጋው ግን በአዲሱ የሚሄድ ሆነ። ዲስኩ ላይ ያሉ መዝገቦች «የሉም» ይባሉ ጀመር፤ አይደገምም የተባለ ስም ሁለቴ ሊመዘገብ ቻለ። መፍትሔው ኢንዴክሱን እንደገና መሥራት ነበር፦ `REINDEX`። ከሰባቱ ስማችን ታሪክ ጋር ነጥብ በነጥብ አንድ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ተራ በነፃ አይገኝም። 40,000 የተዘበራረቀ ስም በጥሩ አልጎሪዝም ለመደርደር ኤን ሲባዛ በሎግ ኤን ያህል ንጽጽር ያስፈልጋል፤ 40,000 ጊዜ 15.29፣ ወደ 612,000። አንድ ስም ብቻ ፈልጎ ለሚሄድ ሰው ይህ ኪሳራ ነው፤ ያለ ተራ ቢፈልግ በ20,000 ይጨርስ ነበር። ትርፉ የሚጀምረው ስንተኛው ፍለጋ ላይ ነው? 612,000ን ለ20,000 ስናካፍል 30.6፤ ከ31ኛው ፍለጋ ጀምሮ መደርደሩ ያዋጣል። ይህ ቁጥር የሎግ ኤን እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ፤ ለየትኛውም ትልቅ ዝርዝር በግርድፉ እንደዚያው ነው። በቀን ብዙ ታካሚ ለሚያስተናግድ ካርድ ክፍል 31 ፍለጋ ቶሎ የሚሞላ ቁጥር ነው። በዓመት አንዴ ለሚከፈት የድሮ መዝገብ ግን መደርደሩ ምንም አያደርግም፤ ብዙ የምረቃ ሥራዎች ይህን ሳያሰሉ «ባይነሪ ሰርች ስለሚፈጥን ተጠቀምን» ብለው ያልፋሉ።

አዲስ ካርድ ማስገባትም ዋጋ አለው። ቦታውን ማግኘት 16 እይታ ነው። በወረቀት ሣጥን ከዚያ በኋላ መሰካት ብቻ ነው፤ በኮምፒውተር ተከታታይ ዝርዝር ውስጥ ግን ከቦታው በኋላ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ መጠጋት አለባቸው፣ በአማካይ 20,000። ዳታቤዞች ተከታታይ ዝርዝሩን ትተው ወደ ቢ-ትሪ የሄዱት በዚህና በዲስክ ዝግታ ምክንያት ነው። ቢ-ትሪን በቦይንግ ይሠሩ የነበሩት ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክራይት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አቀረቡት። አሠራሩን የካርድ ሣጥኑ መሳቢያዎች ያሳያሉ፤ በየመሳቢያው ፊት ላይ «ከሀ እስከ ለ»፣ «ከመ እስከ ረ» የሚል ጽሑፍ አለ፣ ሠራተኛዋም ለሁለት አትከፍልም፣ በአንድ እይታ ከሠላሳ መሳቢያ አንዱን ትመርጣለች። ቢ-ትሪ ከዲስክ በሚያነበው በአንድ ገጽ ላይ መቶዎች እንዲህ ያሉ ምልክቶችን ይይዛል። 200 ቅርንጫፍ ካለው፣ 90 ሚሊዮን ስም ውስጥ ለመፈለግ የሚያነበው አራት ገጽ ነው፤ ለሁለት እየከፈሉ ቢሄዱ 27 እርምጃ ይሆን ነበር። በወረቀት ላይ የሎጋሪዝም መሠረት ለውጥ የቋሚ ቁጥር ብዜት ብቻ ነውና የትምህርት መጻሕፍት መሠረቱን አይጽፉትም። ዲስክ ለሚጠብቅ ሰው ግን በ27 እና በ4 መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

ከሎጋሪዝም በታች መውረድ የሚቻልበትም ሁኔታ አለ፤ እሱም ሣጥኑ ሳይሆን መደርደሪያው ነው። የካርድ ቁጥር በተከታታይ ስለሚሰጥ 31,200 ቁጥር የት አካባቢ እንዳለ ሳይፈልጉ ይታወቃል፤ ሠራተኛው በቀጥታ ወደዚያ ይራመዳል። ባላጋራው እዚህ አይሠራም፤ ቁጥሩ ራሱ ስለ ቦታው ይናገራልና ከንጽጽር የበለጠ መረጃ ተሰጥቶናል። ስሞች ግን እንዲህ አይደሉም። በአ እና በተ የሚጀምሩት ብዙ፣ በዠ የሚጀምሩት ጥቂት ስለሆኑ ከስሙ ተነሥቶ ቦታውን መገመት ያሳስታል። ስም ደግሞ ይደጋገማል። «አበበ ከበደ» ሠላሳ ጊዜ ካለ ባይነሪ ሰርች ከሠላሳው የትኛውንም ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ለየብቻ መፈለግ፣ ማለትም 32 እርምጃ መክፈል፣ ከዚያ በአያት ስም መለየት ያስፈልጋል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ብቻ። ባይነሪ ሰርች እ.ኤ.አ. በ1946 በጆን ሞክሊ ንግግር ውስጥ ከተጠቀሰ በኋላ ለማንኛውም የዝርዝር ርዝመት በትክክል የሚሠራ ጽሑፍ እስኪታተም ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ጆሹዋ ብሎክ በጃቫ ላይብረሪ ውስጥ ራሱ የጻፈው ባይነሪ ሰርች ለዓመታት ስህተት ይዞ መኖሩን አሳወቀ። መሃሉን ለማግኘት `(low + high) / 2` ሲል የሁለቱ ድምር ከ2,147,483,647 ካለፈ ወደ አሉታዊ ቁጥር ይገለበጣል። `low + (high - low) / 2` ብሎ መጻፍ ያድናል። ዝርዝሩ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ካልሆነ ስህተቱ አይታይም፤ ለጫግኒም ለአዲስ አበባም ካርድ ክፍል ስጋት አይደለም። ፓይተን ደግሞ ቁጥሩ ስለማይገለበጥበት ጭራሽ አያገኘውም። እኔ እስከማየው ድረስ የአገራችን ፕሮግራመር ከዚህ ይልቅ ስለ ኀ እና ስለ ሐ ቢጨነቅ ይሻለዋል።

ስለዚህ የስም ዝርዝር ያለው የሆስፒታል፣ የትምህርት ቤት፣ የወሳኝ ኩነት ወይም የገቢዎች ሲስተም የምትሠሩ ሁሉ ከማስረከባችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ስም ከሚቀጥለው ጋር፣ ፍለጋው በሚጠቀምበት በዚያው ማነጻጸሪያ አነጻጽሩ፤ ለ40,000 ስም 39,999 ንጽጽር ነው። ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ስም ሲስተሙ ራሱ እንዲፈልገው አድርጉ፤ ቢበዛ 640,000 ንጽጽር ይሆናል፣ በተራ ላፕቶፕ ከጥቂት ሰከንድ አያልፍም። ከ40,000 አንድ እንኳ «አልተገኘም» ካለ ሥራውን አታስረክቡ።